ክፍሉ ይከራያል፣ የሚያልቀው ግን የጋራው ነው

አዲስ አበባ ውስጥ፣ በገርጂ፣ በኮተቤ፣ በላፍቶ ወይም በድሮው ቦሌ፣ ሰፋፊ ግቢዎች አሉ። ፊት ለፊት ቪላው፣ ከኋላ ሰርቪስ ቤቱ፣ መሃል ላይ የመኪና ማቆሚያውና አንድ ሁለት ዛፍ። ቤቱ ሲሠራ ለብዙ ልጆች፣ ለዘመድና ለሠራተኛ ታስቦ ነበር። አሁን ልጆቹ ወይ ውጭ አገር ናቸው፣ ወይ የየራሳቸውን ጎጆ ወጥተዋል፤ ግቢው ውስጥ የቀሩት እናትና አባት፣ አንዳንዴም አንዳቸው ብቻ ናቸው። ወይም ቤቱን ወራሾች ለጊዜው ላለመሸጥ ተስማምተውበታል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው ሐሳብ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ቤቱን ለአንድ ቤተሰብ ከማከራየት ይልቅ ከፋፍሎ ክፍል በክፍል ማከራየት። ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄም አንድ ነው፦ ስንት ክፍል ይወጣዋል? እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ የሚጀምረው። ሰው ወዲያው ሜትር ይዞ ግድግዳ መለካት ይጀምራል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ግን ቁጥሩን የሚወስነው የወለሉ ስፋት አይደለም የሚል ነው። ኪራይ የሚያስገባው ክፍሉ ነው፤ የሚያረጀው፣ የሚሰበረው፣ የሚያጣላውና የባለቤቱን ጊዜ የሚበላው ግን ማንም ለብቻው ያልተከራየው የጋራው ነገር ነው፦ ሽንት ቤቱ፣ የውኃ መስመሩ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የግቢው በር። ስለዚህ የክፍሎቹን ቁጥር የሚወስነው የጋራው ነገር አቅም መሆን አለበት።

ለዚህ አባባል ከማንም በላይ የሚመሰክረው የራሷ የከተማዋ ታሪክ ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው በወር 100 ብርና ከዚያ በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌዎች እጅ ገቡ። ከእነዚህ ግቢዎች ብዙዎቹ በየክፍሉ አንድ አንድ አባወራ የሚኖርባቸው፣ ሽንት ቤቱና የውኃ ቧንቧው የጋራ የሆነባቸው ነበሩ፤ ወይም ሆኑ። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ጥቂት ብር ሆኖ ቆየ። አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ እነዚህ ቤቶች ባዶ አልዋሉም። የቀበሌ ቤት የለቀቀ ሰው ማግኘት ብርቅ ነበር። ክፍሎቹ ሁልጊዜ የተያዙ ከሆኑ፣ ቤቶቹ ለምን ያን ያህል አረጁ? ክፍሉን ተከራዩ እንደምንም ይይዘዋል፤ ግድግዳውን በጋዜጣም ቢሆን ይለጥፋል፣ ወለሉን ሊሾ ያደርጋል። የጋራው ሽንት ቤት ሲሞላ፣ የጋራው ጣሪያ ሲያፈስ ግን ከዚያ ኪራይ ተቀንሶ የሚያድሰው ገንዘብም ሆነ አዳሽ አልነበረም። ቤት መሙላቱ ብቻውን የደኅንነቱ ምልክት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

አሁን አንድ ቤት እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ ማንኛውም ባለቤት የራሱን ሰፈር ዋጋ አስገብቶ ሊያሠራቸው ይችላል። ቪላው አራት መኝታ ቤት፣ ትልቅ ሳሎን፣ የምግብ ክፍልና ኩሽና፣ ሁለት ሽንት ቤት ከነመታጠቢያው አለው። ሰርቪስ ቤቱ ሦስት ክፍል፣ አንድ ኩሽናና አንድ ሽንት ቤት ከነመታጠቢያው አለው። እንዳለ ለአንድ ቤተሰብ ቢከራይ በወር 50,000 ብር ያስገባል እንበል። ሁለተኛው መንገድ ያሉትን ክፍሎች ሳይሸነሽኑ ማከራየት ነው፦ አራቱ መኝታ ቤቶች፣ ሳሎኑ እንደ አንድ ሰፊ ክፍል፣ ሦስቱ የሰርቪስ ክፍሎች፣ በድምሩ ስምንት፤ እያንዳንዱ በአማካይ 10,000 ብር። ሦስተኛው መንገድ መሸንሸን ነው፦ ሳሎኑ ሦስት ይሆናል፣ ሁለቱ ትልልቅ መኝታ ቤቶች ለሁለት ይከፈላሉ፣ የምግብ ክፍሉም ይጨመራል፤ አሥራ ሦስት ክፍል፣ እያንዳንዱ ጠበብ ስላለ በአማካይ 8,500 ብር። በወረቀት ላይ ውሳኔው ያለቀ ይመስላል፦ በወር 50,000፣ 80,000፣ 110,500። አብዛኛው ሰው የሚወስነውም እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ብቻ አይቶ ነው።

ወደ ጋራው ነገር ስንዞር ሌላ ሥዕል ይመጣል። በስምንቱ ክፍል ውስጥ አንዳንዱ ጥንድ ስለሚሆን አሥራ ሁለት ሰው ያህል ይኖራል፤ በአሥራ ሦስቱ ደግሞ ሃያ። ሽንት ቤቱ በሁለቱም ሦስት ነው። የከተማው ሠራተኛ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል እስከ አንድ ተኩል ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ መዘጋጀት አለበት። ሦስቱ ሽንት ቤቶች በዚያ ሰዓት በአንድ ላይ 180 ደቂቃ አላቸው። አንድ ሰው 12 ደቂቃ ቢወስድ፣ አሥራ ሁለት ሰው 144 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ይበቃል፣ ትንሽም ይተርፋል። ሃያ ሰው ግን 240 ደቂቃ ይፈልጋል። የጎደለው 60 ደቂቃ የትም አይሄድም። ወይ አንዱ በጨለማ ይነሣል፣ ወይ አንዱ ሥራ ይረፍድበታል፣ ወይ በር ይደበደባል። ክፍሉን ወዶ የገባ ሰው በወራት ውስጥ ሌላ ክፍል መፈለግ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። ሲለቅ ግን ምክንያቱን አይናገርም፤ ለሥራ ይቀርበኛል ይላል፣ ባለቤቱም ያምነዋል።

ከመሬት በታች ያለው ጉዳት ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ብዙዎቹ እነዚህ ቪላዎች ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኙም፤ ፍሳሹ ግቢው ውስጥ ወዳለ የማጣሪያ ጉድጓድ ገብቶ፣ ዝቃጩ እዚያ ይቀርና ውኃው ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ያልፋል። ይህ አሠራር የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ፍሳሹ እስኪዘቅጥ ድረስ ረግቶ የሚቆይበት ጊዜ ማግኘት አለበት። ጉድጓዱ ስድስት ሜትር ኩብ ይይዛል እንበል፤ አንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ያፈሳል እንበል። አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ በቀን 300 ሊትር ስለሚያፈስ፣ ፍሳሹ ገና በተመጠጠ ጉድጓድ ውስጥ ሃያ ቀን ይቆያል። አሥራ ሁለት ሰው ሲሆን ወደ ስምንት ቀን፣ ሃያ ሰው ሲሆን ወደ አምስት ቀን ይወርዳል። ዝቃጩ እየተጠራቀመ ቦታ ሲይዝ ደግሞ ጊዜው ከዚህም ያጥራል። ያን ጊዜ ያልዘቀጠው ቆሻሻ ከውኃው ጋር አልፎ የማስረጊያውን አፈር ይደፍናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የሞላ ጉድጓድ በመምጠጫ መኪና ይመጠጣል፤ የተደፈነ አፈር ግን አይመጠጥም፣ ሌላ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው። ምልክቱን ቀድሞ ማየት ይቻላል። መኪናው ይጠራ በነበረበት ልክ መጠራቱ ቀርቶ የሚጠራበት ጊዜ በየዙሩ እያጠረ ከሄደ፣ ዝናብ ሳይኖር ጉድጓዱ ዙሪያ መሬቱ ከረጠበ፣ የሽንት ቤቱ ውኃ ሲለቀቅ የመታጠቢያው ወለል ላይ ያለው መውረጃ ከተንተከተከ፣ ችግሩ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ሳይሆን ከታች ነው።

ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ነው። ቤቱ ሲሠራ የምጣድ መስመር የተዘረጋው ለአንድ ኩሽና፣ ለአንድ ምጣድ ነበር። በዚያው መስመር ላይ ሁለተኛ ምጣድ ሲሰካ ጅረቱ እጥፍ ይሆናል፤ በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው፤ ሙቀት የሚያድገው በጅረቱ ካሬ ነውና። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ አንዳንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነን ባይ ትልቅ ብሬከር ይቀይርበትና ይሄዳል። ይህ በሽታውን ሳያክሙ የሚጮኸውን ሰው አፉን እንደማፈን ነው፤ ሽቦው እንደቀጠነ ቀርቶ የሚያስጠነቅቀው ጠፋ። ማከፋፈያው በእጅ ሲነካ ከሞቀ፣ ሶኬቱ ጠርዙ ላይ ቡናማ ካለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ መስመሩ መቀየር አለበት። ከዚህ ሌላ የሒሳቡ ጉዳይ አለ። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክም ሆነ የውኃ ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ መለኪያ ዋጋም አብሮ የሚጨምርበት ነው። አሥራ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ እያንዳንዳቸው ቆጣቢ ቢሆኑ እንኳ፣ ድምሩ ከፍተኛው እርከን ውስጥ ይገባል። ተከራዩ ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው ከሚከፍለው በላይ ይጠየቃል፣ ወይም ባለቤቱ ልዩነቱን ይሸከማል። በየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ መግጠም ማን ስንት እንደተጠቀመ ይለያል፣ ጭቅጭቁንም በጣም ይቀንሳል፤ እርከኑን ግን አያወርደውም።

መሸንሸኑ ራሱ የሚያመጣው ችግርም አለ። ሳሎን በቺፕውድ ሲከፈል ብዙውን ጊዜ ክፋዩ ኮርኒሱ ጋ ይቆማል። ከኮርኒሱ በላይ እስከ ቆርቆሮው ያለው ባዶ ቦታ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ድምፅ በዚያ ይሻገራል፤ የአንዱ ስልክ ለሦስቱ ይሰማል። እሳት ቢነሣም በዚያው ይሻገራል። ክፋዩ በአሥር ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ተሠርቶ ከኮርኒሱ አልፎ እስከ ጣሪያው ካልደረሰ ክፍል ሆነ ማለት አይቻልም፤ ብሎኬቱ ደግሞ ክብደት ስለሆነ ከሥሩ ያለው ወለል ይችለው እንደሆነ መታየት፣ ለለውጡም ከወረዳ ወይም ከክፍለ ከተማ ፈቃድ መወሰድ አለበት። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን መስኮት የሌለው መካከለኛ ክፍል ነው። ሳሎን ሦስት ሲሆን የመሃሉ ክፍል ብዙ ጊዜ መስኮት አይደርሰውም። በእኛ አገር ሰው ክፍሉ ውስጥ ቡና ያፈላል፣ ክረምት ሲሆን የከሰል ምድጃ ያስገባል። ጭስ የሌለው የሚመስለው የከሰል ፍም እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ ተኝቶ ያለን ሰው አይቀሰቅስም። መስኮት የሌለውን ክፍል ለመኝታ ማከራየት በምንም ዋጋ ትክክል አይደለም፤ ስለዚህ ያ ክፍል ከስሌቱ ጭራሽ መውጣት ነበረበት። ክርክሩን እስከ መጨረሻው ለማየት ያህል ግን እንተወው።

እንግዲህ ሒሳቡን በዓመት እናድርገው። ቤቱን በሙሉ የተከራየ ቤተሰብ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ቀጣዩ እስኪገባ ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ፣ በዓመት 568,000 ብር ያህል ይገባል፤ 50,000 ለጥገና ሲቀነስ 518,000 ይቀራል። ስምንቱ ክፍል ውስጥ ሰው በአማካይ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ክፍሉ አንድ ወር ባዶ ቢሆን፣ ገቢው 922,000 ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ማደሻው 300,000 ብር በአምስት ዓመት ተከፍሎ 60,000፣ በዓመት አራት ጊዜ ለሚለወጥ ተከራይ ቀለም፣ ቁልፍና የደላላ ክፍያ 32,000፣ ለውኃ፣ ለመብራት፣ ለፍሳሽና ለቧንቧ 110,000፣ ለጽዳት ሠራተኛ 60,000 ሲወጣ 660,000 ይቀራል። አሥራ ሦስቱ ክፍል ውስጥ ግን በጠዋቱ ወረፋና በድምፁ ምክንያት ሰው አሥር ወር ብቻ ይቀመጣል እንበል። ገቢው 1,205,000 ነው። ማደሻው 900,000 ብር ስለሆነ በዓመት 180,000፣ በዓመት አሥራ አራት ጊዜ ለሚለወጠው ተከራይ 112,000፣ ለጋራው ወጪ 200,000፣ ለጽዳት ያው 60,000። የሚቀረው 653,000 ነው። ከስምንቱ ክፍል አምስት ክፍል ጨምሮ፣ ስምንት ሰው ጨምሮ፣ የተረፈው ገንዘብ ያው ነው፤ እንዲያውም በጥቂቱ ያነሰ።

ተቃውሞው ወዲያው ይመጣል፦ ቁጥሮቹን ክርክሩ እንዲረታ አድርገህ ነው ያስቀመጥከው ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ አንዱን ቁጥር ብቻ ለውጠን እንየው። የአሥራ ሦስቱ ክፍል ተከራዮችም እንደ ስምንቱ ሁለት ዓመት ቢቀመጡ፣ ገቢው 1,273,000 ይሆናል፣ የተከራይ ለውጥ ወጪው ወደ 50,000 ይወርዳል፣ የሚተርፈውም 783,000 ነው። ስምንቱን በ123,000 ብር በለጠ ማለት ነው። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ሰው በሚቀመጥበት ጊዜ ላይ እንጂ በክፍሎቹ ቁጥር ላይ አይደለም። ሰው የሚቀመጥበትን ጊዜ የሚወስነው ደግሞ ጠዋት ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ፣ ማታ ምን እንደሚሰማና ውኃ ሲጠፋ ሮቶው ስንት ቀን እንደሚያቆይ ነው። አሥራ ሦስት ክፍል አድርጎ አምስት ሽንት ቤት ያለው ሰው ይህን 783,000 ሊጠብቅ ይችላል፤ ሁለቱን ተጨማሪ ሽንት ቤቶች የሠራበትን ወጪ ከላዩ ላይ ካነሣ በኋላ።

ሌላው ተቃውሞ ሕጉን የሚጠቅስ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ ታዲያ ሰው በአሥር ወር ይለቃል የሚለው ስጋት ከየት መጣ? ሁለት ዓመቱ በዋናነት ተከራዩን ከድንገተኛ መፈናቀል የሚጠብቅ ነው፤ ተከራዩ ግን አስቀድሞ አሳውቆ መልቀቅ ይችላል። ሕጉ ባለቤቱን ያሥራል፣ ያልተመቸውን ተከራይ ግን አያስቀምጠውም። ይልቁንም አዋጁ ይህን ክርክር ያጠብቀዋል። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ስለሆነ፣ ጉድጓዱ ሲደፈን ወይም የሽቦ ዋጋ ሲያሻቅብ ኪራይ ጨምሮ ማካካስ አይቻልም። ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያም መጠየቅ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ማደሻውን በተከራይ ገንዘብ እጨርሰዋለሁ የሚለው የቆየ ዘዴም ተዘግቷል። የጋራው ወጪ የመጀመሪያው ውል ሲፈረም በኪራዩ ውስጥ ካልተካተተ በኋላ መግቢያ የለውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ድካሙ ነው፦ ዘበኛ ወይም ተጠሪ ከተቀጠረ ባለቤቱ ምን ይደክማል? ከስምንቱ ክፍል ከሙሉው ቤት በላይ የሚገኘው 142,000 ብር ገደማ ነው። ይህ የአስተዳደሩ ደመወዝ ነው። ባለቤቱ በሳምንት አምስት ሰዓት ቢሰጠው በዓመት 260 ሰዓት ይሆናል፤ በሰዓት 550 ብር ያህል ይከፈለዋል ማለት ነው፣ ለብዙ ሰው የሚያዋጣ ነው። በአሥራ ሦስቱ ክፍል ግን የተከራይ ለውጡ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ሰዓቱ ወደ አሥራ አምስት ቢያድግ፣ ከሙሉው ቤት በላይ የሚገኘው 135,000 ብር ገደማ ለ780 ሰዓት ይከፋፈላል፤ በሰዓት 175 ብርም አይሞላም። ተጠሪ ቢቀጠር የመጀመሪያው ዓይነት ሥራ ይቃለላል፦ ኪራይ መከታተል፣ ቧንቧ ሠሪ መጥራት፣ ሮቶ መሙላት። ሁለተኛው ዓይነት ግን አይቃለልም። የማን እንግዳ ሲያመሽ በሩ ይከፈታል፣ ማን ሽንት ቤቱን ሳያጥብ ወጣ፣ የጋራው መብራት ለስንት ይካፈል የሚለውን ተጠሪው ሊፈርድ ሥልጣን የለውም፤ እሱም ከግቢው ሰዎች አንዱ ነው። ነገሩ ዞሮ እማማ ወይም ጋሼ ጋ ይመጣል። ባለቤቶቹ ውጭ አገር ከሆኑ ደግሞ በስልክ ይመጣል፣ ሁለቱም ወገን ተናግሮ፣ ያላዩትን እንዲፈርዱ ይጠየቃሉ።

ይሁንና ሙሉ ቤቱን ለአንድ ቤተሰብ ማከራየት ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። አንድ ተከራይ ሲለቅ ገቢው ጭራሽ ይቆማል፤ በዚያ ኪራይ መድኃኒት ለሚገዛ አዛውንት ይህ ቀላል አይደለም። ከስምንት አንዱ ሲለቅ ሰባቱ ይቀራሉ። ስለዚህ ስምንቱ ክፍል ተገቢ መነሻ ነው፤ ጥያቄው ከዚያ በላይ የሚኬደው በምን ቅደም ተከተል ነው የሚለው ነው። ቅደም ተከተሉ ከተለመደው የተገላቢጦሽ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ነገር ብቻ ይመዝገብ፦ እያንዳንዱ ተከራይ ስንት ወር ቆየ፣ መምጠጫ መኪናው መቼ መቼ ተጠራ፣ የውኃ ቆጣሪው ሁሉ ሰው ከተኛ በኋላና ንጋት ላይ ስንት ያነባል። ሌሊት ማንም ሳይጠቀም ቆጣሪው ከዞረ፣ ብዙ ጊዜ ከሽንት ቤት ማጠቢያው ውኃ በዝምታ እየፈሰሰ ነው፤ ያ ውኃ የታሪፉን እርከን ከማሳደጉም በላይ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ፍሳሹ የሚረጋበትን ጊዜ ይቀንሳል። ዓመቱ ሲያልቅ የሚለቁት ሰዎች አብዛኞቹ ከአንድ ሽንት ቤት ጋር የተያያዙ ክፍሎች ውስጥ የነበሩ ከሆኑ፣ የጎደለው ዘጠነኛ ክፍል አይደለም። ከሰርቪሱ ሽንት ቤት ጀርባ፣ ነባሩ መውረጃ ጥቂት ሜትር ላይ ባለበት፣ አራተኛ ሽንት ቤት መሥራት ይቻላል፤ መውረጃው በቂ ዘቅዛቃ አግኝቶ ወደ ጉድጓዱ እንዲገባ ከመኪና ማቆሚያው ሥር መቆፈር አያስፈልገውም። በአራት ሽንት ቤት የጠዋቱ 180 ደቂቃ 240 ይሆናል፤ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ሲካፈል ሃያ ሰው ይወጣዋል። ያ ግን ጫፉ ነው፣ ትርፍ ደቂቃ የለውም፤ ጉድጓዱም ሃያ ሰው የሚችለው ሁለተኛ ክፍል ከተጨመረለት ነው። በዚያው ጉድጓድ አሥራ አምስት ሰው ቢኖር ፍሳሹ ስድስት ቀን ተኩል ያህል ይቆያል፤ ዘጠነኛውና አሥረኛው ክፍል፣ መስኮት ባላቸው በኩል፣ የሚወጡት እዚያ ላይ ነው።